ማችህ የሚቀርበትን እርምጃ በሺት ማግኘት

ጥያቄ፦ «ደሴ ነው የምኖረው፤ 31 ዓመቴ ነው። የመተዋወቂያ አፕ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ማች አገኛለሁ፣ እናወራለን፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። አንዱ ጓደኛዬ ፎቶህን ቀይር ይለኛል፤ ሌላው አጻጻፍህ ነው ይላል። ኤክሴል ትንሽ ትንሽ እችላለሁ። እየመዘገብኩ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ምን ምን ልመዝግብ? እንዴትስ ላንብበው?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ጓደኞችህ እየገመቱ ነው። የመጀመሪያውን ግን ከወዲሁ ማሳረፍ ይቻላል። የፎቶ ዋና ሥራው ማች ማምጣት ነው፤ አንተ ደግሞ ማች አላጣህም። ስለዚህ ችግሩ ከማች በኋላ ባለ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሺቱ የሚሠራልህም ይህንኑ ነው። ከማች እስከ መገናኘት ባለው መንገድ ላይ ብዙ ሰው የሚቀርበት እርምጃ የትኛው እንደሆነ ያሳይሃል። ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቅበት።

ጉግል ሺትስ ይበቃሃል። ኤክሴልም ያው ነው፤ ከታች የምጽፋቸው ፎርሙላዎች በሁለቱም ይሠራሉ። ሲጀመር ኮምፒውተር ላይ አዘጋጀው፤ ከዚያ በኋላ በስልክህ ትሞላዋለህ።

ደረጃዎቹን ቀድመህ ወስን

ብዙ ሰው ሺት ሲከፍት መጀመሪያ የሚጽፈው «ስም፣ ስልክ፣ ሁኔታ» ነው። «ሁኔታ» የሚለው አምድ ውስጥ ደግሞ «እያወራን ነው»፣ «ዝም አለች»፣ «አሪፍ ልጅ ናት» ይከታል። ከሁለት ወር በኋላ ሲያየው ምንም አይነግረውም። «ዝም አለች» ያላት ልጅ ከመጀመሪያው ሰላምታ በኋላ ነው ዝም ያለችው ወይስ ቀጠሮ ይዛ? አይታወቅም።

ለዚህ መፍትሔው እያንዳንዱን እርምጃ ቁጥር መስጠትና የደረሳችሁበትን ከፍተኛ ቁጥር ብቻ መጻፍ ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ እከፍለዋለሁ፦

0 – ማች ሆንን፤ ማንም አልጻፈም
1 – የመጀመሪያው መልዕክት ተላከ
2 – መልስ መጣ
3 – ወሬ ሆነ
4 – ከአፑ ወጥተን ቴሌግራም ወይም ስልክ ላይ ገባን
5 – ቀጠሮ ተያዘ
6 – ተገናኘን
7 – ለሁለተኛ ጊዜ ተገናኘን

ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። 4 ደርሳ ከጠፋች 4 ሆና ትቀራለች። መጥፋቷን የሚናገር ሌላ አምድ አለ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል፤ ሺቱ የሚበላሸው እዚህ ነውና። እያንዳንዱ ደረጃ ስክሪን ላይ በሚቆጠር ነገር መገለጽ አለበት። «ወሬ ሆነ» ማለት ምን ማለት ነው? ደስ ያለህ ቀን ሁለት መልዕክትም ወሬ ይመስልሃል፤ የከፋህ ቀን ሃያውም አይመስልህም። ስለዚህ እንዲህ ብለህ ወስን፦ እሷ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጽፋልኛለች፣ ከሦስቱ በአንዱ እሷ ራሷ ጠይቃኛለች። ይሄ ካለ 3 ነው፤ ከሌለ 2 ነው። አለቀ።

ደረጃ 5ም እንደዚሁ ነው። «እሺ አንድ ቀን ቡና እንጠጣለን» ቀጠሮ አይደለም። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሦስቱም ሲኖሩ ነው ቀጠሮ የሚባለው። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት ፒያሳ» ካልክና «እሺ» ካለች፣ 5 ነው። ይህ ነገር ጥብቅ የሚመስለው ለጊዜው ነው። በኋላ ጉዳዩን ሁሉ የሚፈታው እሱ እንደሆነ ታያለህ።

አምዶቹ

አንድ ሰው አንድ ረድፍ ነው። የመጀመሪያውን ሺት «ዝርዝር» በለው። አምዶቹ ሰባት ቢሆኑ በቂ ነው፤ ቁጥራቸው ከዚያ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት መሙላት ትተዋለህ።

A ላይ መጠሪያ ትጽፋለህ። ስሟን አይደለም። «ባለ ነጭ ሻሽ»፣ «ኬሚስትሪ» የመሰለ አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር ይሁን። ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ ፎቶ አይገባም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። ስልክህን የተቀበለህ ጓደኛህ የዝርዝሩን ሦስተኛ ረድፍ ቢያይ የአጎቱ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ፋይሉን በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አትክፈተው። «Share» ውስጥ ገብተህም «Restricted» እንደሚል አረጋግጥ።

B ላይ ማች የሆናችሁበትን ቀን ትጽፋለህ። ይህ አምድ ለእኛ ሀገር ሰው ወጥመድ አለው። ጉግል ሺትስ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 12/2/2018 ብለህ ጥቅምት 12ን ብትጽፍ፣ እሱ በፈረንጅ 2018 ያለ ቀን ብሎ ይይዘዋል። የትናንቷ ማች የብዙ ዓመት አሮጌ ትሆናለች ማለት ነው። 30/2/2018 ብለህ ጥቅምት 30ን ብትጽፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ቀን መሆኑን ጨርሶ አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ስህተት ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥህ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በፈረንጅ ቀን ጻፍ፤ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሁን። ኮምፒውተር ላይ ከሆንክ ሴሉ ላይ ቆመህ Ctrl እና ; አንድ ላይ ብትጫን የዛሬውን ቀን ራሱ ይጽፍልሃል። መለያው ደግሞ ቀላል ነው፤ አሰላለፉን አንተ ካልነካኸው ቀን ሆኖ የገባ ነገር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ሆኖ የገባ ወደ ግራ ይጠጋል።

C ላይ እሷ የምትኖርበት ከተማ ነው። ኪሎ ሜትር አትጻፍ። አፑ የሚያሳይህ ርቀት የቀጥታ መስመር ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ግን ተጠማዛዥ ነው። በአፑ ቅርብ የምትመስለው ልጅ ዘንድ ለመድረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ትወርዳለህ። ለማታ ቀጠሮ ደግሞ የመመለሻ ታክሲ ጣጣ አለ። ሌላም ነገር አለ። ኮምቦልቻ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው፣ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሁሉ እዚያ ያልፋል፣ ያድራል። ለሥራ ሁለት ቀን ወርዳ አፑን የከፈተች ልጅ ጎረቤትህ መስላ ትመጣለች። ስለዚህ ማች የሆናችሁበትን ቦታ ሳይሆን የምትኖርበትን ጻፍ። እስክታውቅ ድረስ ባዶ ይሁን።

ከተማዎቹን በእጅህ አትጻፋቸው። አንድ ቀን «ኮምቦልቻ»፣ ሌላ ቀን «ኮምቦልጫ» ብትል፣ ወይም «አዲስ አበባ» እና «አ.አ» ብትቀላቅል፣ ፎርሙላው እንደተለያዩ ከተሞች ነው የሚቆጥራቸው። ከ«Data» ውስጥ «Data validation» የሚለውን ከፍተህ «Dropdown» ምረጥና አራት ምርጫ ስጠው፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣ ሌላ። ከዚያ ወዲያ መጫን ብቻ ነው።

D ላይ አከፋፈቱ ይገባል። ሦስት ምርጫ ያለው ድሮፕዳውን ይሁን፦ «ሰላምታ ብቻ»፣ «ከፕሮፋይሏ የተነሳ»፣ «እሷ ጀመረች»።

E ላይ ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ከ0 እስከ 7።

F ላይ እንድትገናኙ የጠየቅህበት ቀን ይጻፋል። ካልጠየቅህ ባዶ ይተዋል። ይህን አምድ ብዙ ሰው አያስገባውም። ከሰባቱ አንዱን ብቻ አስቀር ብትለኝ ይህን አላስቀረውም። «መጠየቅ» የሚባለውም እንደ ደረጃ 5 ነው፤ ቀንና ቦታ ጠቅሰህ ካልሆነ ጥያቄ አይባልም።

G ላይ መጨረሻው ነው፤ እሱም ድሮፕዳውን። «ዝም አለች»፣ «ዝም አልኩ»፣ «አልፈለገችም»፣ «አልፈለግሁም»፣ «ማጭበርበር»፣ «ቀጥሏል»። «ዝም አለች» እና «ዝም አልኩ» መለያየታቸው ይጠቅምሃል፤ ቻቱን ወደ ላይ መልሰህ የመጨረሻውን መልዕክት ማን እንደላከ አይተህ ሙላው እንጂ በትዝታ አትሙላው። በሁለተኛው ቀን «ካርድ ላክልኝ» ያለችህን፣ ፊት ለፊት ሳትታይ ብር የጠየቀችህን «ማጭበርበር» በላት። ስትቆጥር ከዝርዝሩ ታወጣታለህ።

ለመልክ ነጥብ የምትሰጥበት አምድ ትጨምር ይሆናል። ይቅርብህ። ነጥቡ እንደ ቀኑ ስሜትህ ይለዋወጣል፤ ከዚያም በላይ ሺቱን ለማንም ማሳየት የማትችለው ነገር ያደርገዋል።

የመቁጠሪያው ሺት

ሁለተኛ ሺት ክፈትና «ውጤት» በለው። A2 ላይ 0፣ A3 ላይ 1 እያልክ እስከ A9 ድረስ 7ን ጻፍ። B2 ላይ ይህን አስገባና ወደ ታች ጎትተው፦

```
=COUNTIFS('ዝርዝር'!E:E,">="&A2,'ዝርዝር'!B:B,"<="&TODAY()-21,'ዝርዝር'!G:G,"<>ማጭበርበር")
```

ይህ ማለት፣ «ማች ከሆንን 21 ቀንና ከዚያ በላይ ካለፋቸው፣ አጭበርባሪ ካልሆኑት ውስጥ፣ ቢያንስ እዚህ ደረጃ የደረሱት ስንት ናቸው?» ነው። C3 ላይ ደግሞ ይህን አስገብተህ ወደ ታች ጎትተው፤ ፐርሰንት አድርገው፦

```
=IFERROR(B3/B2,"")
```

የምታገኘው ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ያለፉትን ነው።

21 ቀኑ ለምን? ከትናንት ወዲያ ማች የሆነች ልጅ ደረጃ 2 ላይ ብትሆን አልወደቀችም፤ ገና ናት። እሷን ከወደቁት ጋር መቁጠር ሽሮው ሳይንተከተክ ቀምሶ «ጨው አነሰው» እንደማለት ነው። አዲስ ማች በብዛት ባገኘህበት ሳምንት ሺቱ ያለ ምክንያት የወደቅህ ያስመስልሃል፤ አፑን በዘጋህበት ሳምንት ደግሞ ያሻሻልህ ያስመስልሃል። ሦስት ሳምንት ለደሴ ወሬ በቂ ይመስለኛል። ያንተ ሰዎች ለቀጠሮ ከዚያ በላይ የሚፈጅባቸው ከሆነ 30 አድርገው። ረመዳን ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይዘገያል። የምትጾም ልጅ ቀን ቡና አትጠጣም፤ ማታ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ናት። የዚያን ወር ረድፎች በሌላ ቀለም ቀብተህ ለብቻ እያቸው።

አንድ ሺት እናንብብ

ቁጥሮቹ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ያለህበት ሁኔታ ግን ይህን ይመስላል ብዬ አስባለሁ። እንደ አንተ ደሴ የሚኖር ሰው 64 ረድፍ ሞልቷል እንበል። 12ቱ 21 ቀን ስላልሞላቸው ወጡ። 52 ቀሩ።

| ደረጃ | የደረሱ | ከቀዳሚው ያለፉ |
|---|---|---|
| 0 ማች | 52 | |
| 1 መልዕክት ተላከ | 48 | 92% |
| 2 መልስ መጣ | 26 | 54% |
| 3 ወሬ ሆነ | 19 | 73% |
| 4 ቴሌግራም/ስልክ | 14 | 74% |
| 5 ቀጠሮ ተያዘ | 4 | 29% |
| 6 ተገናኘን | 3 | 75% |
| 7 ሁለተኛ ጊዜ | 1 | 33% |

መጀመሪያ ማንበብ የማይገባህን ለይ። የታችኞቹን ሁለት ፐርሰንቶች ተዋቸው። 33% ማለት ከሦስት አንዷ ናት፤ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር 67 ይሆናል። እኔ ቀዳሚው ቁጥር ከአሥር በታች ከሆነ ፐርሰንቱን አላይም።

ቀጥሎ የ54%ቱን እይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። ግማሹ አልመለሰም! ግን ከእነዚህ ውስጥ አፑን ከጫኑ በኋላ ዳግም ያልከፈቱት፣ ከሌላ ሰው ጋር የጀመሩት፣ ማሳወቂያ ያጠፉት ሁሉ አሉበት። መልዕክትህን ያላየች ልጅ በመልዕክትህ አልተቀየመችም። ይህ እርምጃ ለማንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚቀርበት ነው።

ትልቁ ነገር ያለው 29%ቱ ላይ ነው። ስልኳን ወይም ቴሌግራሟን የሰጠች ልጅ ከአፑ ልትወጣ ፈቅዳለች፤ ፍላጎት አሳይታለች። ከእንደዚህ ዓይነት 14 ሴቶች ቀጠሮ የተያዘው ከአራቱ ጋር ብቻ ነው። የዚህ ሰው ጉዳይ ፎቶም የመጀመሪያ መልዕክትም አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ከገባ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

እዚህ ደርሶ «ሴቶቹ ቁምነገር የላቸውም» ብሎ መዝጋት ይቀላል። አሥራ አራቱን ረድፎች ግን አንድ በአንድ ማየት አለበት። 14 ረድፍ ማንበብ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። F አምድን፣ የተጠየቁበትን ቀን፣ በከተማ ከፍሎ አየ እንበል፦

| ከተማ | 4 የደረሱ | የተጠየቁ | እሺ ያሉ |
|---|---|---|---|
| ደሴ | 6 | 4 | 3 |
| ኮምቦልቻ | 3 | 2 | 1 |
| አዲስ አበባና ሌላ | 5 | 0 | 0 |

ቀጠሮ ያልተያዘላቸው አሥር ናቸው። ከአሥሩ እንቢ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ስምንቱን ጭራሽ አልጠየቃቸውም! ከተጠየቁት ስድስት ደግሞ አራቱ እሺ ብለዋል።

ይህን ያለ F አምድ ማየት አይቻልም ነበር። ደረጃው 4 ላይ የቀረች ልጅ፣ ጠይቆ እንቢ ያለችውም ሳይጠይቅ የቀረባትም አንድ ትመስላለች። በሰው ትዝታ ደግሞ ሁለቱም «ቀዘቀዘች» ተብለው ነው የሚቀመጡት። ይህን ሰው ብትጠይቀው «ኧረ ሁሉንም ቡና እንጠጣ ብያቸዋለሁ» ሊልህ ይችላል። እውነቱን ነው፤ «አንድ ቀን» ብሎ ነው ያላቸው። ለዚህ ነው መጠየቅ ማለት ቀንና ቦታ ነው ያልኩህ።

ስምንቱን ደግሞ እንለያቸው። አምስቱ ሩቅ ናቸው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማንም ለመጀመሪያ ቡና ያን ያህል አይሄድም። እነሱን አለመጠየቁ ስህተት አይደለም። ችግሩ ጊዜው ነው። በእነሱ ላይ ያጠፋቸው ምሽቶች ደሴ ካሉት ላይ የተቀነሱ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ግን፣ ሁለቱ ደሴ አንዷ ኮምቦልቻ፣ በእጁ ያሉ ነበሩ። G አምዳቸው ላይ «ዝም አለች» ይላል። ቻቱን ሲከፍተው ለሳምንታት «እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ» ነው። መልሷ በየቀኑ እያጠረ ሄዷል።

ተጠይቀው እሺ ካሉትና እንቢ ካሉት መካከል የጊዜ ልዩነት ካለም ማየት ይቻላል፤ F ሲቀነስ B ነው። «ዝርዝር» ሺት ላይ በሁለተኛው ረድፍ ባዶ ሴል ውስጥ ከጠየቅህበት ቀን የማቹን ቀን ቀንስ፣ ስንት ቀን ጠብቀህ እንደጠየቅህ ይሰጥሃል፦

```
=IF(F2="","",F2-B2)
```

መልሱ እንደ ቀን ሆኖ ከመጣብህ የሴሉን ፎርማት ወደ ቁጥር ቀይረው። ግን በስድስት ሰው ሕግ እንዳታወጣ። «በአሥረኛው ቀን ከጠየቅሁ እሺ ይላሉ» ለማለት ብዙ ይቀራል። ለሚቀጥለው ዙር ልብ ብለህ የምታየው ነገር ብቻ አድርገው።

አጻጻፍህስ?

ሁለተኛው ጓደኛህ የሚለውን እንየው። በዚያው ሺት ላይ «ሰላምታ ብቻ» ከላከላቸው 30 ሴቶች 14 መልሰዋል፣ 47% ነው። ከፕሮፋይላቸው ተነስቶ ከጻፈላቸው 18 ደግሞ 12 መልሰዋል፣ 67% ነው እንበል። የ20 ነጥብ ልዩነት ነው፤ ጓደኛህ «አላልኩህም?» ይልሃል።

አብሽር፣ ገና ነው። ሁለት ሰው የማዛወር ሙከራ አድርግ። ከ12ቱ ሁለቱ ባይመልሱ ኖሮ፣ ከ14ቱ ወገን ደግሞ ሁለት ተጨማሪ መልሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? 10 ከ18፣ 56% ይሆናል። 16 ከ30፣ 53% ይሆናል። ልዩነቱ ጠፋ። የአራት ሰው ስሜት፣ የአንድ ቀን ኔትወርክ መቆራረጥ የሚያጠፋው ልዩነት ላይ እርግጠኛ ሆነህ አትናገርም።

ከቁጥሩ ማነስ የሚብስ ሌላ ነገርም አለ። ከፕሮፋይሏ ተነስተህ የምትጽፈው ፕሮፋይሏን ለሞላች ልጅ ነው። ፕሮፋይሏን የሞላች ልጅ ደግሞ አፑን ከልቧ የምትጠቀም ናት፤ በተራ ሰላምታም ትመልስልህ ይሆናል። ስለዚህ 67%ቱን ያመጣው መልዕክትህ ይሁን የሰዎቹ ዓይነት መለየት አትችልም።

መለየት ከፈለግህ ፕሮፋይላቸው የተሞላውን ብቻ ያዝና የረድፍ ቁጥራቸውን ተከተል። ጎዶሎ ቁጥር ረድፍ ላይ ያለችዋ ሰላምታ ብቻ ይላክላት፤ ሙሉ ቁጥር ላይ ያለችዋ ስለ ፕሮፋይሏ ይጻፍላት። አንተ እንዳትመርጥ ነው ይህ ሁሉ። ከወደድካት ቆንጆ አድርገህ ትጽፋለህ፣ ካልወደድካት «ሰላም» ብለህ ታልፋለህ፤ ያኔ የምትለካው የራስህን ምርጫ ይሆናል። በየወገኑ ሃምሳ ሃምሳ እስኪሞላ ድረስም ትልቅ ነገር አትበል። ባንተ ቦታ ብሆን ግን ይህን ሙከራ አሁን አልጀምረውም። የዚህ ሰው መልስ የሚያገኝበት እርምጃ ብዙ አልተጎዳም፤ የተጎዳው ሌላ ቦታ ነው።

ያንተን ሺት ስትጀምር

ከዛሬ ጀምረህ የምታገኛቸውን ብቻ ከምትመዘግብ፣ አፑና ቴሌግራምህ ላይ ቻታቸው ያለውን የድሮዎቹንም አስገባ። ቀኑን ከመጀመሪያው መልዕክት ታገኘዋለህ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ያጠፋኻቸውና የሰረዙህ ሰዎች ቻት አይገኝም። የተረፉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ያወራሃቸው ናቸው። ስለዚህ የድሮዎቹ ዝርዝር ላይኞቹን ፐርሰንቶች፣ 1ን፣ 2ን እና 3ን፣ ከእውነታው አሳምሮ ያሳይሃል። ከ4 ወደ 5 ያለውን ግን ደህና አድርጎ ያሳያል፤ ቴሌግራም ላይ የገባ ሰው ቶሎ አይጠፋምና። አንተ የምትፈልገውም መጀመሪያ እሱን ነው።

መሙላቱን በየመልዕክቱ አታድርገው፤ ሰው ነው የምታወራው። እሑድ ማታ አንድ ጊዜ ተቀምጠህ ቁጥሮቹን ከፍ አድርግ፣ ሺቱን ዝጋ። «ውጤት» የሚለውንም በየሳምንቱ አትክፈተው። ሃያ አዲስ ረድፍ 21 ቀኑን ሲሞላ አንዴ ክፈተው።

ቁጥርህ ከላይ ያየነውን ከመሰለ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖር ልጅ 4 ላይ ስትደርስ፣ በዚያው ሳምንት ቀንና ቦታ ጠርተህ ጠይቅ። ሁለት አማራጭ ስጣት፣ ለምሳሌ «ቅዳሜ ከሰዓት ወይስ እሑድ ጠዋት? ፒያሳ ይመችሻል?» በላት። ለኮምቦልቻዋ ልጅ አንተ ውረድላት፤ ቀን ይሁን፣ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን። እንቢ ካለች F ላይ ቀኑ ይገባል፣ G ላይ «አልፈለገችም» ይገባል፣ ትተዋታለህ፤ ደግመህ አትጠይቃትም። ፎቶህንም፣ አከፋፈትህንም በዚህ ጊዜ አትንካ። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ ሺቱ ሊነግርህ አይችልም።

በሚቀጥለው ዙር ስትከፍተው የተጠየቁት ቁጥር 4 ከደረሱት የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። ያ ሆኖ፣ የተጠየቁትም ከአሥር በላይ ሆነው፣ እሺ ያሉት ከግማሽ በታች ከሆኑ፣ ያኔ ጉዳዩ ከመጠየቅ ወደ አጠያየቅ ዞሯል። የምታነበውም እንቢ ያሉትን ቻቶች የመጨረሻ አሥር መልዕክት ነው። ከግማሽ በላይ ከሆኑ ደግሞ ከ5 ወደ 6 ያለው እርምጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነበብ ቁጥር ማግኘት ይጀምራል።